ኦርደር ሌላ፣ ተጋማሽነት ሌላ፦ ፐርሙቴሽን ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ስለ ፐርሙቴሽን፣ ማለትም ቁጥሮችን እርስ በርስ ቦታ ስለማቀያየር፣ የፈተና ወረቀት ሳርም አንድ ስህተት ደጋግሞ ይገጥመኛል። ተማሪው ሳይክሎቹን በትክክል ለይቷል፤ ኦርደሩንም በትክክል አግኝቷል። ከዚያ «ኦርደሩ 12 ነው፣ 12 ተጋማሽ ስለሆነ ፐርሙቴሽኑ ተጋማሽ ነው» ብሎ ይጨርሳል። መልሱ አንዳንዴ ትክክል ሆኖ ይገኛል። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ምክንያቱ ስህተት ሆኖ መልሱ ሲገጥም ተማሪው ሳይታረም ያልፋላ።

ይህችን ፐርሙቴሽን እንያት፦

σ = (1 4 6 2)(3 7 9 5 8 10)

እያንዳንዱ ቅንፍ አንድ ሳይክል ነው፤ (1 4 6 2) ማለት 1 ወደ 4፣ 4 ወደ 6፣ 6 ወደ 2፣ 2 ተመልሶ ወደ 1 ይሄዳል ማለት ነው። ሁለቱ ሳይክሎች ምንም ቁጥር አይጋሩም። የመጀመሪያው ርዝመቱ 4፣ ሁለተኛው 6 ነው።

ኦርደር ማለት σን ስንት ጊዜ ብንደጋግማት ሁሉም ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮ ወደ ቦታው ይመለሳል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳይክል በየ4 እርምጃው ይመለሳል፣ ሁለተኛው በየ6። ስለዚህ የምንፈልገው የ4 እና የ6ን ትንሹን የጋራ ብዜት ነው፤ 12። ርዝመቶቹን አባዝቶ 24 የሚል አለ። በ24 እርምጃ ሁሉም ቦታው ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በ12ም ተመልሶ ነበር። ደምሮ 10 የሚልም አይጠፋም፤ ከ10 እርምጃ በኋላ ግን 1 ያለው 6 ላይ ነው።

ያገኘኸው ቁጥር ሁሉንም ወደ ቦታው የሚመልስ ከሆነ፣ ትንሹ መሆኑን ለመፈተሽ ቀላል መንገድ አለ። ቁጥሩን ለሚያካፍሉት ብቸኛ ቁጥሮች በየተራ አካፍለው። 12 ለ2 ሲካፈል 6 ነው፤ በ6 እርምጃ ባለ 4ቱ ሳይክል አልተመለሰም። ለ3 ሲካፈል 4 ነው፤ በ4 እርምጃ ባለ 6ቱ አልተመለሰም። ስለዚህ 12 ትንሹ ነው። 24ን ለ2 ብታካፍለው ግን 12 ላይ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ታገኘዋለህ።

አሁን ወደዚያ ወደሚያናድደኝ ስህተት ልመለስ። ተጋማሽነት ስለ ድግግሞሽ አይደለም። ጥያቄው ፐርሙቴሽኑ ስንት የሁለት ቁጥር ልውውጥ ይፈጃል የሚል ነው፤ የልውውጡ ብዛት ተጋማሽ ከሆነ ፐርሙቴሽኑ ተጋማሽ ነው፣ ካልሆነ ኢተጋማሽ። ከቀኝ ወደ ግራ ስናነበው

(1 4 6 2) = (1 2)(1 6)(1 4)

ነው። ርዝመቱ 4 የሆነ ሳይክል 3 ልውውጥ ፈጀ ማለት ነው። ርዝመቱ ተጋማሽ የሆነ ሳይክል ራሱ ኢተጋማሽ ነው! እኔም ተማሪ ሳለሁ እዚህ ላይ ወድቄያለሁ፤ ርዝመትን እያየሁ ተጋማሽ፣ ኢተጋማሽ እያልኩ አንድ ሙሉ የቤት ሥራ ገልብጬ ሠርቻለሁ። ባለ 6ቱ ሳይክል ደግሞ 5 ልውውጥ ይፈጃል። 3 ሲደመር 5፣ 8 ነው፤ ስለዚህ σ ተጋማሽ ናት። ኦርደሯ 12 ስለሆነ አይደለም።

ካላመንክ (1 2)ን እና (1 2)(3 4)ን አወዳድር። የሁለቱም ኦርደር 2 ነው። የመጀመሪያው በአንድ ልውውጥ ይሠራል፣ ኢተጋማሽ ነው። ሁለተኛው በሁለት ይሠራል፣ ተጋማሽ ነው። እኩል ኦርደር፣ የተለያየ መልስ። ኦርደሩ ተጋማሽ ሲሆን እንግዲህ ምንም አይነግርህም። ኦርደሩ ኢተጋማሽ ከሆነ ግን ይነግርሃል፦ ያኔ የሁሉም ሳይክሎች ርዝመት ኢተጋማሽ መሆን አለበት፤ እያንዳንዳቸው ተጋማሽ ብዛት ያለው ልውውጥ ይፈጃሉ፤ ፐርሙቴሽኑም የግድ ተጋማሽ ይሆናል። ብዙ ተማሪ ይህንን ወደ ሌላኛውም አቅጣጫ ይሠራል ብሎ ነው የሚሳሳተው።

ከቁጥሮቹ ብዛት ላይ የሳይክሎቹን ብዛት ቀንሶ ልውውጡን የሚያገኝ ሰው ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱትን መርሳት የለበትም። ያችው σ በ11 ቁጥሮች ላይ ብትሆን 11 ብቻውን አንድ ሳይክል ነው። 11 ሲቀነስ 3፣ 8። ያንን ከረሳኸው 9 ይመጣልሃል፣ መልሱም ይገለበጣል።

የመጨረሻው፦ ሳይክሎቹ ቁጥር መጋራት አለመጋራታቸውን ሳያዩ ወደ ስሌት መግባት። (1 2 3)(3 4 5) ሲሰጠው «3 እና 3፣ ኦርደሩ 3» የሚል ብዙ ነው። 3 ሁለቱም ውስጥ አለ እኮ! ከቀኝ ወደ ግራ ስትከተለው 1 ወደ 2፣ 2 ወደ 3፣ 3 ወደ 4፣ 4 ወደ 5፣ 5 ወደ 1 ይሄዳል። አንድ ባለ 5 ሳይክል ነው፤ ኦርደሩም 5። ተጋማሽነቱን ግን ሳትለያየውም ማግኘት ትችል ነበር፤ 2 ሲደመር 2 ልውውጥ፣ 4። ባለ 5 ሳይክሉም የሚፈጀው 4 ነው። እዚህ እኩል ቢመጣም፣ ሳይክሎቹ ቁጥር ሲጋሩ የልውውጡ ብዛት ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ተጋማሽ ስለሆነ ግን የተጋማሽነቱ መልስ አይነካም። ኦርደርን ለማግኘት ግን መጀመሪያ ሳይክሎቹን መለያየት የግድ ነው።