አንድ ሲኩዌንስ ሊሚት እንዳለው በኢንኢኳሊቲ እንዴት ይረጋገጣል?

ሊሚቱን ቀድሞ ሳያውቁ አንድ ሲኩዌንስ ወደ ሊሚት እንደሚጠጋ ማሳየት ይቻላል። ያለማቋረጥ የሚቀንስና ከታች ገደብ ያለው የሪል ቁጥሮች ሲኩዌንስ የግድ ሊሚት አለው፤ ለሚጨምርና ከላይ ገደብ ላለውም እንዲሁ ነው። በዚህ ሲኩዌንስ እንሞክረው፦

a₁ = 3, aₙ₊₁ = ½(aₙ + 2/aₙ)

መጀመሪያ ጥቂት ቁጥሮች እናስላ፦ 3፣ 1.8333፣ 1.4621፣ 1.4150። እየቀነሰ ይመስላል፤ መምሰሉ ግን ማረጋገጫ አይሆንም።

ገደቡን መገመት። ሊሚት L ካለ L = ½(L + 2/L) መሆን አለበት፤ ከዚህም L² = 2 ይወጣል። ይህ ለጊዜው የጭረት ወረቀት ሥራ ነው። የሚጠቅመን √2ን እንደ ታችኛው ገደብ እንድንሞክር ስለሚጠቁመን ነው።

ገደቡን ማረጋገጥ። ሁሉም ቁጥሮች ፖዘቲቭ መሆናቸው ግልጽ ነው። አሁን aₙ₊₁ን ስኩዌር አድርገን 2 እንቀንስ፦

aₙ₊₁² − 2 = ¼(aₙ + 2/aₙ)² − 2 = ¼(aₙ − 2/aₙ)² ≥ 0

የማንኛውም ሪል ቁጥር ስኩዌር ኔጌቲቭ ስለማይሆን aₙ₊₁ ≥ √2 ነው። a₁ = 3ም ከ√2 ይበልጣል፤ ስለዚህ ገደቡ ለሁሉም ይሠራል።

መቀነሱን ማረጋገጥ። የተከታታዮቹን ልዩነት እንውሰድ፦

aₙ − aₙ₊₁ = (aₙ² − 2) / (2aₙ)

ታችኛው ፖዘቲቭ ነው፤ ላይኛው ደግሞ aₙ ≥ √2 ስለሆነ ከዜሮ አያንስም። ስለዚህ aₙ₊₁ ≤ aₙ። ገደቡን ያስቀደምነው ለዚህ ነው። «ከዜሮ በላይ ነው» የሚለውም ትክክለኛ ገደብ ነበር፤ ግን ለዚህ ደረጃ ምንም አይረዳም። ብዙ ተማሪ መቀነሱን ለማሳየት ሲታገል የሚቸገረው ገደቡን በጣም ዝቅ አድርጎ ስለሚመርጥ ነው።

ሊሚቱን ማግኘት። ሊሚት መኖሩ ስለተረጋገጠ የጭረት ወረቀቱን ስሌት አሁን በሕጋዊ መንገድ መጻፍ ይቻላል። L² = 2 ሁለት መልስ አለው፤ L ≥ √2 በመሆኑ −√2 ይወድቃል፣ L = √2 ይቀራል።

ገደቡንና መቀነሱን ዘሎ በቀጥታ እኩልታውን መፍታት ምን ያመጣል? b₁ = 1, bₙ₊₁ = 2bₙ + 1 ብንወስድ፣ L = 2L + 1 «L = −1» ይላል። ቁጥሮቹ ግን 1፣ 3፣ 7፣ 15 እያሉ ያለ ገደብ ይሄዳሉ።

መነሻውን ወደ a₁ = 1 ብንቀይረው ደግሞ a₂ = 1.5 ስለሚሆን ሲኩዌንሱ መጀመሪያ ላይ ይጨምራል። ማረጋገጫው ግን አይፈርስም፤ ከሁለተኛው ቁጥር ጀምሮ aₙ ≥ √2 ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቁጥሮች ሊሚቱን ስለማይነኩት፣ «ለ n ≥ 2» ብሎ መጻፍ ይበቃል።