የአንጻራዊ ብልጫ ሠንጠረዥን አንብቦ ሁለቱንም አገሮች የሚጠቅም የልውውጥ መጠን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ሁለት አገሮችንና ሁለት ምርቶችን የያዘ ሠንጠረዥ ሲቀርብልዎ፣ ማስላት ከመጀመርዎ በፊት ቁጥሮቹ የተመረተውን መጠን ወይስ ለማምረት የፈጀውን ጉልበት እንደሚያሳዩ ይለዩ። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው በማካፈሉ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ያቀረበውን ምሳሌ እንውሰድ። የተወሰነ መጠን ያለውን ጨርቅ ለማምረት እንግሊዝ የ100 ሰዎች የአንድ ዓመት ሥራ ሲያስፈልጋት ፖርቱጋል የ90 ሰዎች ይበቃታል፤ ለወይን ጠጅ ደግሞ እንግሊዝ 120፣ ፖርቱጋል 80 ሰዎች ያስፈልጓቸዋል። ለአጻጻፍ እንዲመች እያንዳንዱን መጠን አንድ ጥቅል እንበለው። ፖርቱጋል ሁለቱንም በአነስተኛ ጉልበት ስለምታመርት በሁለቱም ፍጹም ብልጫ አላት፤ ማን ምን ያምርት የሚለውን የሚወስነው ግን ይህ አይደለም።

ቀጥሎ የአማራጭ ወጪውን ያስሉ። እንግሊዝ አንድ ጥቅል ጨርቅ ለመሥራት 100 ሰዎችን ስታሰማራ፣ እነዚያው ሰዎች ሊያመርቱት ይችሉ የነበረውን 100/120፣ ማለትም 0.83 ያህል ጥቅል ወይን ታጣለች። ፖርቱጋል በበኩሏ 90/80፣ ማለትም 1.125 ጥቅል ወይን ታጣለች። ስለዚህ በጨርቅ አንጻራዊ ብልጫ ያላት እንግሊዝ ናት። የወይኑን ወጪ ለማግኘት ክፍልፋዮቹን መገልበጥ ይበቃል፤ ለእንግሊዝ 1.2፣ ለፖርቱጋል 0.89 ያህል ጥቅል ጨርቅ ስለሚሆን ወይኑ የፖርቱጋል ድርሻ ነው።

ሠንጠረዡ የምርት መጠንን የሚያሳይ ቢሆን ኖሮ ማካፈሉ ይገለበጥ ነበር፤ የእንግሊዝ ጨርቅ 120/100፣ የፖርቱጋል ደግሞ 80/90 ወይን ያስወጣ ነበር። በዚህ ዘዴ የጉልበት ሠንጠረዥን ያሰላ ሰው ጨርቁን ለፖርቱጋል ይሰጣል፤ ስሌቱ በራሱ ትክክል ስለሚመስልም ስህተቱን በቀላሉ አያየውም።

የልውውጥ መጠኑ በሁለቱ የአማራጭ ወጪዎች መካከል መውደቅ አለበት፤ አንድ ጥቅል ጨርቅ ከ0.83 በላይ፣ ከ1.125 በታች ወይን ያወጣል ማለት ነው። ሻጯ እንግሊዝ 0.8 ብቻ ቢቀርብላት፣ ጨርቁን ትታ ወይኑን ራሷ ብታመርት ይሻላታል። ገዢዋ ፖርቱጋልም 1.2 ብትጠየቅ ጨርቁን በአገሯ ትሠራለች። ልክ 0.83 ላይ ከሆነ ደግሞ ትርፉ በሙሉ የፖርቱጋል ይሆናል፤ ስለዚህ «ሁለቱንም የሚጠቅም» የሚል ጥያቄ ጠርዞቹን አይጨምርም።

መልስዎን ወደ ጉልበት መልሰው ይፈትኑት። አንድ ለአንድ ቢለዋወጡ፣ እንግሊዝ በ120 ሰዎች ታመርተው የነበረውን ወይን በ100 ሰዎች ጨርቅ ታገኛለች፤ 20 ሰዎችም ይተርፏታል። ፖርቱጋል በ90 ሰዎች ትሠራው የነበረውን ጨርቅ በ80 ሰዎች ወይን ስለምታገኝ 10 ሰዎች ይተርፏታል። ትርፉ እኩል አለመሆኑ መልሱን ስህተት አያደርገውም። ከሁለቱ የአንዷ ትርፍ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ወደ ማካፈሉ ይመለሱ።