ዕድሜና ድካም የሚመስሉ የስኳር በሽታ ምልክቶች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰውነት ይለምደዋል። ምልክቱ ሲታይም “ዕድሜ ነው”፣ “ሥራ በዝቶብኝ ነው” የሚል ምክንያት ቀድሞ ይገኝለታል። ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

ሌሊት ለሽንት መነሳትን ለዕድሜ ወይም ለብርድ መስጠት

በደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር 180 ሚሊግራም አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት ሁሉንም ወደ ደም መመለስ ያቅተዋል። የተረፈው ስኳር በሽንት ይወጣል፤ ሲወጣም ውሃ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የሽንቱ መጠን ይበዛል፣ ከዚያ ጥሙ ይከተላል። ውሃ ስለጠጡ ብቻ የመጣ ሽንት አይደለም።

ሌሊት ሦስት ጊዜ የሚነሳና “ፕሮስቴት ይሆናል” ብሎ የተቀመጠ የ52 ዓመት ሰው እንውሰድ። የፕሮስቴት ችግር ሲሆን ሽንቱ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ትንሽ ነው፤ ለመጀመር ያስቸግራል፣ ግፊቱ ይደክማል፣ ሲጨርሱም ያላለቀ ይመስላል። ይህ ሰው ግን አፉ በተቆረጠ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሲለካው በየጊዜው 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ተመልሶ ሳይተኛም ውሃ ይጠጣል። ማታ ውሃ ቢቀንስም ሽንቱ አይቆምም፣ አፉ ደርቆ ይነቃል። ጠዋት ሳይበላ ሲመረመር ስኳሩ 168 ሆነ። ቁጥሩ ከ180 በታች ነው፤ ከእራት በኋላ ግን ከዚያ በላይ ስለሚወጣ ሌሊቱን ሲመላለስ ያድራል። ፕሮስቴቱም ሊኖርበት ይችላል፤ አንዱ መገኘቱ ሌላውን አያስቀርም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ሽንት የሚያበዛ ዓይነት መሆኑን ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ድካሙን በጣፋጭ ማከም

ኢንሱሊን በሚገባው ልክ ሳይሠራ ሲቀር ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል እንጂ ጡንቻው እንደ ልብ አይጠቀምበትም። ሰውየው ይደክመዋል፤ ለድካሙ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለጥሙ ለስላሳ ይወስዳል። ስኳሩ ይበልጥ ይወጣል፣ ሽንቱም ጥሙም ይብሳል። ድካም ብቻውን ስኳርን አያመለክትም፤ ደም ማነስም የታይሮይድ ችግርም እንዲሁ ያደክማል። በቂ ተኝተውም የማይለቅ ድካም ከጥም ጋር ሲመጣ፣ ወይም ምግብ ሳይቀንሱ ቀበቶ ሲሰፋ ግን ለምርመራ አይዘግዩ። ሰው “አማረብህ፣ ቀነስክ” ስላለ ክብደት መቀነሱ ጤና ነው ማለት አይደለም።

ዓይን ሲደበዝዝ ወዲያው መነፅር መቀየር

ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ጽሑፍ መደብዘዙ የተለመደ ነው፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከቀን ቀንም አይለዋወጥም። ስኳር ሲወጣና ሲወርድ ግን የዓይን ሌንስ ውሃ እየያዘና እየለቀቀ ቅርፁ ስለሚለዋወጥ፣ አንድ ሳምንት የጠራው በሚቀጥለው ይደበዝዛል። በዚህ መሀል የተገዛ መነፅር ስኳሩ ሲስተካከል አይሆንም። መጀመሪያ ስኳርዎን ይለኩ፤ ከፍ ብሎ ከተገኘም ከተስተካከለ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ጠብቀው መነፅሩን ያሠሩ።

የእግር መደንዘዝን ብርድ ነው ብሎ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር

ከሁሉም የሚያሳስበን ይህ ነው። የስኳር የነርቭ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማቃጠሉና መውረሩ ሌሊት ይብሳል። ከወገብ የሚመጣ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ይወርዳል። ነጠላ ጫማ ከእግር ወልቆ ሳይታወቅ ጥቂት እርምጃ መሄድ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ነው። እንዲህ ያለ እግር ሙቀትን በትክክል ስለማይለይ ይቃጠላል፤ ቁስሉም ስለማያም ሳይታይ ይሰነብታል። ውሃውን በእጅዎ ሳይሆን በክርንዎ ይፈትሹ፣ ማታ ማታ የእግርዎን መዳፍና የጣቶቹን መሀል ይዩ። መደንዘዝ ከጀመረም ብርዱ እስኪያልፍ አይጠብቁ፤ ይመርመሩ።

በአንድ የጣት ምርመራ መደምደም

ከሰዓት በኋላ በጣት ተለክቶ 130 የሆነ ሰው “ነፃ ነኝ” ብሎ ይሄዳል፤ ያ ቁጥር ግን ነፃ አያወጣም። በላቦራቶሪ፣ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ፣ የሚለካው ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ይባላል። ግልጽ ምልክት የሌለው ሰው ውጤቱ በሁለተኛ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ንጹህ ውሃ መጠጣት ይቻላል፤ ስኳር ያለበት ቡና ግን ምርመራውን ያበላሻል። ያለፉትን ሦስት ወራት የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የተባለው ምርመራ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር ነው፤ ደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ቤት ውስጥ በጣት ሲለኩም እጅዎን በውሃና በሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ ማንጎ ወይም ማር የነካ ጣት ያልታጠበ እንደሆነ ቁጥሩን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል።

ከፍተኛ ጥምና ሽንት ላይ ማስመለስ፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም መደናገር ከተጨመረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።