ሦስት ሺህ ብር ለሦስት ሲቆረስ፦ የቤት ዕቃ ሠሪ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ሶፋና ቁም ሳጥን የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ለማስታወቂያ በወር 3,000 ብር ይመድባል። ባለፈው ወር ብሩን ለሦስት ቆረሰው። 1,000 ፌስቡክ ቡስት ለማድረግ፣ 1,000 ትልቅ የቴሌግራም ቻናል ላይ ለማስለጠፍ፣ 1,000 ደግሞ ለቲክቶክ ቪዲዮ ቀራጭ። ወሩ ሲያልቅ «ሰው የመጣልህ በየትኛው ነው?» አልኩት። አያውቅም።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ትንሽ ብር ሲበጣጠስ አንዱም ጋ ለውጥ አያሳይም። ለአንድ ወር አንዱን ብቻ መሞከር ይሻላል። ለሚደውል ሁሉ «የት አይተውን ነው?» ብሎ መልሱን ትዕዛዝ የሚመዘገብበት ደብተር ላይ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛው፣ እይታን ገዢ አድርጎ መቁጠር። የወዳጄ የሶፋ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ብዙ ሺህ ሰው አይቶታል። ኮመንቱን አብረን አነበብነው። «አዲስ አበባ ታደርሳላችሁ?»፣ «ጅዳ ነኝ፣ ለእናቴ ፈልጌ ነበር»። ቲክቶክ ቪዲዮውን የሚያደርሰው ይወደዋል ብሎ ለገመተው ሰው ነው፣ ሐዋሳ ባይኖርም። ሶፋ ደግሞ እንደ ጫማ በአውቶቡስ አይላክም፤ የአይሱዙው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ቲክቶክ ይቀጥል፣ ግን በነፃ። ስፖንጁ ሲቆረጥ፣ ጨርቁ ሲወጠር በስልክ መቅረጽ ይበቃል። (የጅዳዋን ግን አትናቋት። እናትየው ሐዋሳ ከሆኑ ከፋይ ደንበኛ ናት።)

ሦስተኛው ብር የሚያስበላው ነው። ፌስቡክ ላይ ቡስት ሲደረግ ቦታው «ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተተወ ብሩ የሚያልቀው በአብዛኛው ሶፋውን መጥቶ ሊያይ በማይችል ሰው ላይ ነው። ፌስቡክ ክፍያ የሚገባው ከተማና ዙሪያውን መርጦ ማሳየት ስለሚችል ነው። ብዙዎቻችን የውጭ ካርድ ስለሌለን በብር ተቀብሎ በዶላር የሚከፍል ሰው እንጠቀማለን። ከዚያ ሰው ቦታው፣ ቀኑና የወጣው ገንዘብ የሚታይበትን ስክሪንሾት ጠይቁ። ካንገራገረ ሌላ ፈልጉ።

አራተኛው፣ የራስን ቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ። ቴሌግራም መደርደሪያ ነው እንጂ ደላላ አይደለም፤ ሰው ካልጠራችሁት አይገባም። ሊንኩ ፌስቡክና ቲክቶክ ገጹ ላይ፣ ደረሰኙ ላይም ይኑር። ከዚያ እያንዳንዱ ፎቶ ሥር ልኩ፣ ዕቃው፣ የሚያልቅበት ቀንና ዋጋው ይጻፍ፦ «ባለ 3 በር ቁም ሳጥን፣ 1.80 በ2.20 ሜትር፣ ኤምዲኤፍ፣ በ15 ቀን»፣ ዋጋውም እዚያው። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን አጥፉት። ሰው አይጠይቅም፣ አልፎ ይሄዳል።

ወዳጄ በዚህ ወር 3,000ውን በሙሉ ፌስቡክ ላይ፣ ሐዋሳን ብቻ መርጦ፣ የደመወዝ ሰሞን ሊያወጣው ነው። ደብተሩ ተከፍቷል። እስካሁን የተጻፉት ስሞች አምስት ናቸው፤ ሁለቱ ያዩት በር ላይ ያለችውን ታፔላ ነው።