ከማስቀመጥ በፊት ፍንጮቹን መደርደር

ስድስት ሰዎች፣ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ረ እና በ፣ ፊታቸውን ወደ መሃል አድርገው ክብ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ፍንጮቹ እንዲህ ይላሉ፦ መ ከሀ አጠገብ አይደለም፤ ረ እና መ ጎን ለጎን ናቸው፤ ለ ከሰ በስተቀኝ ሁለተኛው ነው፤ ሀ ከሰ ትይዩ ነው። በቀረቡበት ቅደም ተከተል ሲሞከሩ የመጀመሪያው ማንንም አያስቀምጥም፤ ሥዕሉ በስርዝ ብቻ ይሞላል።

መፍትሔው ማንንም ሳያስቀምጡ ፍንጮቹን በጥንካሬያቸው መደርደር ሆነ። ቁርጥ ቦታ የሚሰጡት ይቀድማሉ፤ የ«አጠገብ» ፍንጭ ግራና ቀኙን ስለማይለይ ይከተላል፤ «አይደለም» የሚለው መጨረሻ ይሆናል።

ክብ መነሻ ስለሌለው ሀን 1 ላይ አስቀመጥሁና ወንበሮቹን ወደ ቀኝ ቆጠርሁ። ወደ መሃል ለሚመለከት ሰው ቀኝ ማለት ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ መዞር ነው፤ ብዙ ስሌት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰ 4 ላይ፣ ለ 6 ላይ ዐረፉ። የቀሩት 2፣ 3 እና 5 ናቸው፤ ጎረቤታሞቹ 2 እና 3 ብቻ ስለሆኑ ረ እና መ እዚያ ይገባሉ፤ በ ወደ 5 ይሄዳል። መ 2 ላይ ቢቀመጥ ከሀ ጋር ይጎራበታል፤ ስለዚህ መ 3፣ ረ 2። ያ ደካማ የመሰለ ፍንጭ ሥራውን የሠራው አሁን ነው።

በረድፍ ላይ ግን አንዱን ሰው እንደፈለጉ 1 ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ጫፎቹ አንድ ጎረቤት ብቻ አላቸው። እዚያ የምጀምረው ጫፍን ከሚጠቅስ ፍንጭ ነው፤ ከሌለም ብዙ ወንበር ከሚይዘው የተያያዙ ፍንጮች ሰንሰለት።