ማሽኑ ውሃ አይስብም፤ ተገፍቶ ነው የሚገባለት

ስልኬ ሲጠራ ግማሹ ጊዜ የምሰማው ይህንኑ ነው፦ «ማሽኑ ውሃ አልስብ አለ፤ ቫልቩ ሳይቃጠል አይቀርም፤ ይዘህልኝ ና።» ደዋዩ በሽታውንም ለይቷል፣ መድኃኒቱንም አዝዟል፤ እኔ የምፈለገው ለመፍታትና ለመግጠም ነው። ሰውን የሚያሳስተው «መሳብ» የምትለው ቃል ትመስለኛለች። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ አይስብም። ውስጡ ያለው ፓምፕ የቆሸሸውን ውሃ ወደ ውጭ የሚጥል ነው፤ ንጹሑን የሚያስገባ ፓምፕ የለውም። ከኋላ፣ ጎማው በሚታሰርበት በኩል ያለችው ቫልቭ በር ብቻ ናት። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ትከፈታለች፤ ውሃውን ገፍቶ የሚያስገባው ቧንቧው ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች በሙሉ ይሠራቸዋል። እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ቫልቭ በግምት መቀየር

አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም ቤት ነው። እኔ ከመሄዴ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች ሁለት ጊዜ ቫልቭ ቀይረውበታል። ማሽኑ ሲነሳ ትንሽ ውሃ ይንጠባጠብበታል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ የውሃ ስህተት አሳይቶ ይቆማል። (ኤልጂ ላይ `IE`፣ ሳምሰንግ ላይ `4E` ወይም `4C` የሚለው ምልክት ማለት ነው። ምልክቱ «ውሃው በጊዜው አልሞላም» ይላል እንጂ «ቫልቭ ቀይር» አይልም።)

ጎማውን ከማሽኑ ፈትቼ ባልዲ ውስጥ ለቀቅሁት። አሥር ሊትሩ ከደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ ሞላ። «ውሃችሁ ደህና ነው» አልኩና ሦስተኛውን ቫልቭ ገጠምኩ። አዲሱም እንደ ድሮዎቹ ሆነ። ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ሳለ የቤቱ እመቤት፣ «የሚገርምህ እኮ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ይሠራል» አሉኝ። ሐሙስ የሰፈሩ ውሃ ፈረቃ ነው። የዚያን ቀን ማሽኑ የሚያገኘው በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ነው፤ በሌላው ቀን ግን ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ። ከሮቶው ውሃ እስከ ማሽኑ ጀርባ ስንለካው ሁለት ሜትር ብቻ ሆነ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ አሥረኛ ባር ነው፤ ሁለት ሜትር 0.2 ባር መሆኑ ነው። ብዙ ማሽኖች ጀርባቸው ላይ ወይም መመሪያቸው ውስጥ ቢያንስ 0.05 ሜጋ ፓስካል ይጠይቃሉ፤ ይህም ግማሽ ባር፣ ማለትም አምስት ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቁም አሉ። ቫልቯ ውስጥ ስስ ጎማ አለች። ኤሌክትሪኩ የሚያነሳው መሃሏ ላይ ያለችውን ጥቃቅን ቀዳዳ የደፈነውን ዘንግ ብቻ ነው፤ ጎማዋን ራሷን አንስቶ ዋናውን መንገድ የሚከፍተው የውሃው ግፊት ነው። ግፊቱ ካነሰ ቫልቯ ጤነኛ ሆና፣ ኤሌክትሪክም ደርሷት፣ የምታሳልፈው ጠብታ ነው። መቶ ቫልቭ ቢቀየር ያው ነው።

ባልዲው ያታለለኝ ለዚህ ነው። ክፍት ጎማ ከሁለት ሜትር ከፍታም ቢሆን ባልዲ ይሞላል፤ የሚከለክለው የለማ። ባልዲ ብዛትን እንጂ ግፊትን አይነግርም። ትክክለኛው መለኪያ ጎማው የሚታሰርበት ቧንቧ ላይ የሚጠልቅ የግፊት መለኪያ ነው፤ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ጥርስ ይፈልጉ። እሱ ከሌለ ሜትር ይዞ ከፍታውን መለካት ነው። ከሮቶ የሚጠቀም ሰው ስልክ ሲደውልልኝ አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ውሃ በመጣ ቀን ይሠራል?» የሚለው ነው። እዚያ ቤት መፍትሔው ከሮቶው በታች የተገጠመች፣ ቧንቧ ሲከፈት በራሷ የምትነሳ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ሆነች። የሦስተኛውን ቫልቭ ዋጋ አልተቀበልኩም፤ ፈትቼ ይዤው ሄድኩ።

ወንፊቷን ሳያዩ ማሽን መክፈት

ጎማው ማሽኑ ላይ ሲፈታ ቫልቯ አፍ ላይ የፕላስቲክ ወንፊት ትታያለች። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ቡኒ ውሃ፣ የብረት ቧንቧ ዝገት፣ የሮቶ ግርጌ ጭቃ፣ ሁሉም እዚያ ይሰበሰባል። ቧንቧውን ዝጉ፣ ከሥር ባልዲ አድርጉ፣ ጎማውን ፍቱ፣ የወንፊቷን መሃል በፒንሳ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ሳቡ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። ነጭ ጠጣር ነገር ከያዘ ኮምጣጤ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። በመርፌ መውጋት የለም፤ ቀዳዳው ይሰፋል።

ብዙ ሰው አንዱን ያጥብና ሁለተኛውን ይረሳል። አንዳንድ ጎማ በቧንቧው በኩል ባለው ጫፉም ላይ ጎሚኒው ውስጥ ወንፊት አለው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት ቤት የማሽኑን ወንፊት አጥቤ፣ አልሠራ ሲል ቫልቭ አስገዝቻቸዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ የልጅ ልጄ ይህን አወጣው» ብለው አንድ ማንኪያ የሚሆን አሸዋ በሲኒ ማስቀመጫ አሳዩኝ። ከጎማው የላይኛው ጫፍ ነበር የወጣው።

ወንፊቷን አውጥቶ መጣል

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። «ቶሎ ቶሎ ስለምትደፈን አወጣኋት፤ አሁን በደንብ ይሞላል» የሚሉ የቤት ባለቤቶች አሉ፤ ያሳዝናሉ። ይህንኑ የሚያደርጉ ባለሙያ ነን ባዮች ግን አሉ፤ እነሱ አያሳዝኑኝም። በርግጥ በደንብ ይሞላል፤ ለጥቂት ሳምንት። ከዚያ አሸዋው ቅድም ያልኳት ስስ ጎማ ሥር ይገባል። ጎማዋ አሸዋ ላይ ስትቀመጥ አትዘጋም። ቫልቭ ሳይከፈት ሲቀር ልብስ አይታጠብም፤ ሳይዘጋ ሲቀር ግን ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ይገባል። ፈረቃው የሚመጣው ደግሞ ሌሊት ነው። ጠዋት ሲነቁ ምንጣፉ ተንሳፍፏል፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በር እያንኳኳ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የጎረቤቱን ኮርኒስ ያሠራው ያ ወንፊት አውጪ አልነበረም፤ ባለቤቷ ናት። ወንፊት ቶሎ ከተደፈነ የሚያስፈልገው ከቧንቧው ቀጥሎ ሌላ ማጣሪያ መጨመር ነው፣ ሮቶውንም ማጠብ።

ማሽኑ ጠፍቶ ከበሮው ውስጥ ውሃ ካገኛችሁ ቫልቯ በእርግጥም ተበላሽታለች፤ እስክትቀየር ድረስ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ቧንቧውን ዝጉ።

ማሽኑን ወደ ግድግዳ ገፍቶ ጎማውን ማጠፍ

ከተጸዳ በኋላ በማግስቱ «ውሃ አቆመ» የሚባለው አብዛኛው ይኸው ነው። ጎትቱት፣ ጎማውን ቀጥ አድርጉት።

ጆሮን አለመጠቀም

ባዶውን ማሽን አስነሱና ጎማው በታሰረበት በኩል ጆሮ ጣል አድርጉ። ዝዝዝ የሚል ድምፅ እየሰማችሁ ውሃ ካልገባ፣ ለቫልቯ ኤሌክትሪክ ደርሷታል፤ ጥፋቱ ውሃው ላይ ወይም የቫልቯ ጎማ ላይ ነው። ድምፁ ጨርሶ ከሌለ ወይ ቫልቯን የሚከፍተው የሽቦ ጥቅል፣ ማለትም ኮይሉ፣ ተቃጥሏል፣ ወይ ኤሌክትሪኩ አልመጣም። ኤሌክትሪክ የማይመጣው ብዙ ጊዜ የበሩ መቆለፊያ ሳይያዝ ሲቀር ነው፤ በሩ «ቀጭ» ብሎ ካልተቆለፈ ማሽኑ ቫልቯን አይከፍትም።

ኮይሉን ለመለየት ሶኬቱን ንቀሉ፣ የቫልቯን ሁለት ሽቦዎች አውጡና በመልቲሜትር የኦም መለኪያ ለኩ። በ220 ቮልት የሚሠራ ቫልቭ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኦም ነው፤ ምንም ካልተነበበ ተቃጥሏል። ቫልቯ ሁለት ወይም ሦስት ኮይል ካላት እርስ በርሳቸው አወዳድሯቸው፤ እኩል የሆኑት ደህና ናቸው፣ የተለየው ተጠርጣሪ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ቫልቯን ነፃ አያወጣትም፤ መልቲሜትር ኮይሉን እንጂ የተጣበቀን ጎማ አያይም።

ኬብል ቆርጦ ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ ቫልቯ ላይ የሚሞክር አለ። ውሃ ባለበት 220 ቮልት በባዶ ሽቦ! አትሞክሩት።

ውሃው አልገባም ብሎ መደምደም፣ እየወጣ ሳለ

«ትንሽ ብቻ ነው የሚይዘው» ሲባል ይህን ጠርጥሩ። የቆሻሻ ውሃ መውጫው ጎማ ወለሉ ላይ ተጥሎ ወይም ፍሳሹ ጉድጓድ ውስጥ በጣም ጠልቆ ከሆነ የገባው ሁሉ በራሱ ይፈስሳል። ማሽኑ እየሞላ ሳለ ፍሳሹ ላይ የውሃ ድምፅ ካለ ነገሩ አልቋል፤ የጎማውን ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት።

ካልፈሰሰ ደግሞ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በጆግ ሞክሩ። ፕሮግራሙን አስነሱና በሳሙና ማስቀመጫው በኩል ውሃ ቶሎ ቶሎ ጨምሩበት፤ ፊት ለፊት የሚከፈተው ማሽን አሥር ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። ከበሮው ዞሮ ማጠብ ከጀመረ የውሃ መጠን ለኪው ደህና ነው፣ ጥፋቱ ከቫልቯ ወደ ቧንቧው ባለው መንገድ ላይ ነው። ጥቂት ሊትር ብቻ እንደገባ «ሞልቻለሁ» ብሎ መዞር ከጀመረ ግን ቫልቯን ተዉአትና ከበሮው ሥር ወደ ለኪው የምትሄደውን ቀጭን የአየር ቱቦ ፈልጉ፤ ሳሙናና ክር ደፍኗት ይሆናል። በዚሁ በጆግ ዘዴ ፓምፕ እስኪገዛ ሁለት ወር ያጠቡ ደንበኛ አሉኝ፤ ለማለቅለቂያውም በየጊዜው እየቆሙ መጨመር ነበረባቸው።