ሦስቱም ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ለምን «ኢንቫሊድ» ተባለ?

ምልክት፦ በሎጂክ ጥያቄ ላይ የሙግቱ መነሻዎችም ድምዳሜውም እውነት ስለሆኑ «ቫሊድ» ብለው መለሱ፤ መልሱ ግን ኤክስ ተደረገበት።

«አክሱም ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነች አፍሪካ ውስጥ ናት። አክሱም አፍሪካ ውስጥ ናት። ስለዚህ አክሱም ኢትዮጵያ ውስጥ ናት።»

ምክንያት፦ ቫሊድ የሚባለው መነሻዎቹ እውነት ሆነው ድምዳሜው ሐሰት ሊሆን የማይችል ሙግት ነው። እዚህ ድምዳሜው እውነት መሆኑን ያወቅነው ከካርታ ነው፤ መነሻዎቹ ወደዚያ አላደረሱንም።

መፍትሄ፦ ይዘቱን አውጥተው ቅርጹን ብቻ ይጻፉ። «አክሱም ኢትዮጵያ ውስጥ ናት» ሀ ይሁን፣ «አክሱም አፍሪካ ውስጥ ናት» ደግሞ ለ።

```
ሀ ከሆነ ለ
ለ
ስለዚህ ሀ
```

አሁን በአክሱም ቦታ ናይሮቢን ያስገቡ። በሦስቱም መስመር መቀየር አለበት፤ «ከሆነ» እና «ስለዚህ» ግን አይነኩም። ናይሮቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነች አፍሪካ ውስጥ ናት፤ ይህ እውነት ነው። አፍሪካ ውስጥ ናት፤ ይህም እውነት ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ናት? ሐሰት። ቅርጹ ወደቀ፤ ሌላ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም።

ተቃራኒ ምሳሌ ካጡ ግን «ቫሊድ ነው» ብለው አይቸኩሉ፤ ምናልባት አልታየዎትም ይሆናል። የእውነት ሰንጠረዥ ይሥሩ፤ ፊደሎቹ እውነት ወይም ሐሰት የሚሆኑባቸውን ጥምረቶች ሁሉ በየረድፉ ይዘርዝሩ፤ ለሁለት ፊደል 4 ረድፍ፣ ለሦስት 8። የሚፈለገው መነሻዎቹ ሁሉ እውነት፣ ድምዳሜው ሐሰት የሆነበት ረድፍ ነው። ከላይ ባለው ቅርጽ ሀ ሐሰት፣ ለ እውነት የሆነበት ረድፍ ላይ ያገኙታል። ሁለተኛውን መነሻ ሀ፣ ድምዳሜውን ለ ብታደርጉት ግን እንዲህ ያለ ረድፍ አይኖርም፤ ቫሊድ ነው።

ምልክት፦ መነሻዎቹ ውሸት ስለሆኑ «ኢንቫሊድ» ብለው መለሱ፤ ይህም ተሳሳተ።

«ጉማሬዎች ሁሉ ዓሣ ናቸው። ዓሣዎች ሁሉ በሳንባ ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ጉማሬዎች ሁሉ በሳንባ ይተነፍሳሉ።»

ምክንያትና መፍትሄ፦ ሁለቱም መነሻዎች ሐሰት ናቸው፤ ቅርጹ ግን ቫሊድ ነው። የጎደለው ሳውንድነት ነው፤ ሳውንድ ለመባል ቫሊድነትም የመነሻዎቹ ሁሉ እውነትነትም ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርጹን ይፈትሹ፤ ቅርጹ ከወደቀ ሙግቱ ሳውንድ አይሆንምና መነሻዎቹን ማጣራት ትርፍ ድካም ነው።

ምልክት፦ ቅርጹን በትክክል ፈትሸው ሳለ መልሱ ተገለበጠ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ «ብቻ» የምትለው ትንሽ ቃል ናት። «ሀ ከሆነ ለ» እና «ሀ ከሆነ ብቻ ለ» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው «ለ ከሆነ ሀ» ማለት ነው። «ናይሮቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነች ብቻ አፍሪካ ውስጥ ናት» ቢባል መነሻው ራሱ ሐሰት ይሆናል፤ ሙግቱ ግን ቫሊድ ነው። ፊደል ከመተካትዎ በፊት «ብቻ» ያለበትን መስመር አዙረው ይጻፉት።